ከጠብ በኋላ ለወዳጅ ስለሚላክ ዘፈን

ባለፈው ዓመት በነሐሴ ወር በአርባ ምንጭ ከተማ ከአንድ ባልንጀራችን ጋራ ተቀያይመን ነበር። ለብድር ዋስ እንድንሆነው ቢጠይቀን እምቢ አልነው። እምቢታው ብቻ ቢሆን ባልከፋ፤ ነገር ግን ቡና ቀርቦ ሰው በተሰበሰበበት «ያንተን ዕዳ ቈጥሮ የሚዘልቅ ማን አለ?» ብለን ቀለድንበት። ሰዎቹ ሳቁ፤ እርሱ ግን ሲኒውን አስቀምጦ ወጣ። ከዚያ ወዲህ በመንገድ ስንገናኝ ራሱን ነቅነቅ አድርጎ ያልፋል እንጂ ቃል አይመልስም።

ሥራችን ጽሕፈት ነውና የሌላውን ሰው አቤቱታ ስንገለብጥ እንውላለን፤ የራሳችንን ይቅርታ ግን አንድ መስመር መጻፍ አቃተን። ስለዚህ ዛሬ ብዙ ሰው እንደሚያደርገው በስልክ ዘፈን ልንሰድለት አሰብን።

አሳቡ ጥንታዊ ነው። በአዝማሪ ቤት እንግዳው ግጥሙን በአፉ ይነግርና «ተቀበል» ይላል፤ አዝማሪውም ማሲንቆውን እየመታ ያንኑ ቃል ለታሰበለት ሰው ያዜምለታል። የተነገረለት ሰው ቢወድ ይስቃል፤ ቢወድ እንዳልሰማ ይሆናል። የተናገረውም ሰው ቃሉ በአዝማሪው አፍ ስላለፈ ፊቱን ሳያጣ ይቀመጣል። በስልክ የሚላከው ዘፈንም ሥራው ይኸው ነው። ልዩነቱ ግን ላኪው ግጥሙን አልገጠመውም፤ ሌላ ሰው በሌላ ምክንያት የገጠመውን ይዋሳል። ስሕተት የሚገባው በዚህ በር ነው።

በእኛም ገባብን። ስሙን የማንጠራውን፣ ዜማው ደስ ያሰኘንን አንድ የፍቅር ዘፈን መግቢያውን ብቻ ሰምተን በቴሌግራም ሰደድነው። በማግሥቱ የመጣው መልስ እንዲህ የሚል ነበር፦ «ከዳኸኝ ነው የምትለኝ? ደግሞስ ሴት የሆንሁት መቼ ነው?» ደንግጠን ዘፈኑን እስከ መጨረሻው ብንሰማው፣ ከመካከሉ ጀምሮ ዘፋኙ ቃል ኪዳን አፈረሰች የሚላትን ሴት ይወቅሳል። እኛ የበደልን ሰዎች ለተበደለው ወቀሳ ልከንበት ኖሯል።

ከዚህ በኋላ ነገሩን በጥሞና መረመርነው። በቋንቋችን «አንተ» እና «አንቺ» ይለያያሉና የፍቅር ዘፈን ለማን እንደ ተነገረ ግሡ ራሱ ይመሰክራል። ወንድ ለወንድ ባልንጀራው «አንቺ» የሚል ዘፈን ሲልክ ሰሚው ወይ ይስቃል ወይ ነገሩ ለእርሱ እንዳልሆነ ይቈጥረዋል። ወንድ ለሴት ባልንጀራው የላከው እንደ ሆነ ደግሞ ያልታሰበ ትርጓሜ ይከተላል፤ ባል ያላት ከሆነችማ ሌላ ጠብ ይወልዳል። ነገር ግን ዘፋኙ ስለ ራሱ ሲናገር «ናፈቅሁ»፣ «አጠፋሁ»፣ «አዘንሁ» ቢል ይህ ግሥ ወንድና ሴት አይለይም፤ ማንም ሰው ለማንም ሊያውሰው ይችላል። እንግዲህ ከጠብ በኋላ የሚላከው ዘፈን ስለ ሰሚው ሳይሆን ስለ ላኪው የሚናገር መሆን አለበት። ይህንም ለማወቅ ዘፈኑን እስከ መጨረሻው ሰምቶ «አንተ» ወይም «አንቺ» በሚልበት ስፍራ ምን እንደሚል መመርመር ያሻል። ምስጋና ከሆነ ይሁን፤ ወቀሳ ከሆነ ግን ዜማው ምንም ቢያምር ይቅር።

በዚህ ረገድ ትዝታን የሚያህል አላገኘንም። ትዝታ የዘፈን ስም ብቻ አይደለም፤ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ ጋራ ከአራቱ ታላላቅ ቅኝቶች አንዱ ሲሆን በአምስት ድምፆች ይዜማል። ዘፋኙ ብዙውን ጊዜ የሚሟገተው ከሰው ጋራ ሳይሆን ከራሱ ከትዝታው ጋራ ስለ ሆነ የጥፋቱ ዕዳ በሰሚው ላይ አይወድቅም። ሆኖም አንድ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። የትዝታ ግጥም አንድ ወጥ ስላልሆነ ዘፋኙ ሁሉ የወደደውን ስንኝ እየመረጠ ያስገባበታል። ማሕሙድ አሕመድም፣ በዛወርቅ አስፋውም፣ አስቴር አወቀም ትዝታን ዘፍነዋል፤ ነገር ግን የአንዱ ቃል የሌላው አይደለም። «ትዝታ ነው» ብሎ ብቻ የሚልክ ሰው ምን እንደ ላከ አያውቅም።

እኛ አንድ ጊዜ በቃል ስለ ተሰናከልን ቃል የሌለውን መረጥን። ይኸውም ሙላቱ አስታጥቄ በመሣሪያ ብቻ የሠራው ትዝታ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1998 በፓሪስ በታተመው በኢትዮፒክስ 4ኛ ቅጽ ውስጥ ይገኛል። የሚናገረው ስሙ ብቻ ነው፤ «አንተ» የለበትም፣ «አንቺ» የለበትም፣ ከሳሽና ተከሳሽ የለበትም። ከሥሩ ግን አንድ መስመር ጨመርን፦ «ያጠፋሁ እኔ ነኝ፤ መስቀል ሳይገባ ልምጣ ወይ?» ቃል የሌለው ዜማ ያለዚህ መስመር ቢሄድ ኖሮ ሰሚው ጊዜ ማሳለፊያ የተላከለት ይመስለው ነበር።

መስቀልን ያነሣነው በከንቱ አይደለም። ባልንጀራችን የጨንቻ ሰው ነው፤ በጋሞ ደጋ መስቀል የዓመቱ ታላቅ በዓል ስለ ሆነ የተጣላ ሰው ሳይታረቅ ሊያከብረው አይገባም ይላሉ። በደልን ሰውሮ መኖር «ጎሜ» ነው፤ በቤትና በከብት ላይ መከራ ያመጣል ብለው ይፈሩታል።

ሦስት ቀን ዝም አለ። በአራተኛው ቀን በቃል የመጣ መልስ አልነበረም፤ በስልኩ የቀረጸውን ድምፅ ሰደደልን። ጐረቤቶቹ ማታ ተሰብስበው ለበዓሉ ሲዘፍኑ ነው። በዚያ አገር፣ ይልቁንም በዶርዜ፣ አንድ ሰው ብቻውን ዘፍኖ ሌላው አያዳምጥም፤ እያንዳንዱ የራሱን ድምፅ ይዞ ይገባል፣ ድምፆቹም አንዱ ባንዱ ላይ እየተደራረቡ አንድ ዘፈን ይሆናሉ። የባልንጀራችንን ድምፅ ከመካከላቸው ለየነው። ከሥሩም «አንድ ሰው ይጐድለናል፤ ውጣ» ብሎ ጽፎ ነበር።

ከአርባ ምንጭ እስከ ጨንቻ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መንገዱ ከቈላው ሙቀት ተነሥቶ ወደ ቀርከሃውና ወደ ጉሙ ይወጣል። ስንደርስ ዘፈኑ ነገሩን የጨረሰው መስሎን ነበር። ባልንጀራችን ግን ከአንድ ሽማግሌ ዘንድ ወሰደን፤ ሽማግሌው ለምለም ሣር በእጃቸው ይዘው ተቀምጠዋል። ይህን ሣር አንባቢ ሳያስታውሰው አይቀርም። በ2011 ዓ.ም. በመስከረም በቡራዩ በደረሰው ግድያ የተቈጡ ወጣቶች በአርባ ምንጭ ለበቀል ሲነሡ፣ የጋሞ ሽማግሎች በፊታቸው ተንበርክከው የመለሷቸው ይህንኑ ሣር ይዘው ነው።

ሽማግሌውን እጅ ነሥተን ስለ ላክነው ዘፈን ልንነግራቸው ጀመርን።

«ዘፈኑ መልካም ነው ልጄ፤ ደጁን ከፍቶልሃል» አሉን። «አሁን ደግሞ በሰው ፊት የተናገርኸውን ያንኑ ቃል ሳትለውጥ በሰው ፊት ድገመው።»

«አባቴ፣ ቀልድ ነበረ» አልን።

«እንግዲያውስ ለመድገም አይከብድህም።»

ደገምነው። ቡና ፊት ያሳቀው ቃል በዚያ ቤት ማንንም አላሳቀም፤ እኛም ጨርሰን ወደ ምድር ተመለከትን። ሽማግሌው ከሣሩ ከፍለው ለሁለታችን ሰጡን። ባልንጀራችን ሣሩን ከተቀበለ በኋላ ጥቂት ዝም ብሎ፣ «ዕዳዬን ከፍያለሁ፤ የቀረኝ የሁለት ወር ብቻ ነው» አለን። እኛ ይህን ጠይቀነው አናውቅም ነበር።

ማታ ከዘፋኞቹ ጋራ አስገቡን። የትኛውን ድምፅ እንደምንይዝ ስላላወቅን ከባልንጀራችን አጠገብ ቆመን የእርሱን ተከተልን። በዘፈኑ መካከል ወደ ጆሯችን ጠጋ ብሎ ያን የመጀመሪያውን ዘፈን እንዳልደመሰሰውና ለሚስቱ እንዳስተላለፈላት ነገረን።