«300» የተባለው ሂሳብ ለምን 288 ሆነ?

ደሴ ፒያሳ ላይ ያለ አንድ የዕቃ አከፋፋይ የሂሳብ መዝገቡን የሚይዝበት የኦንላይን ፕሮግራም አለው እንበል። ክፍያው በወር 30 ዶላር፣ በዓመት ደግሞ 300 ዶላር ነው። ግንቦት 24 ቀን የወሩን ከፈለ። ሰኔ 12 ቀን ጠዋት ወደ ዓመታዊ ቀየረ። ካርዱ ላይ የተቆረጠው ግን 300 ሳይሆን 288 ዶላር ሆነ። የሂሳብ ሠራተኛዋ ግራ ተጋባች፤ ባለሱቁም «ቅናሽ ሰጡኝ» ብሎ ደስ አለው። ቅናሽ ግን የለም።

የሆነው ይህ ነው። የከፈለው ወር እስከ ሰኔ 24 የ30 ቀን ነው። 18 ቀን ተጠቀመበት፣ 12 ቀን ቀረው። አንድ ቀን 1 ዶላር ስለሚያወጣ የ12 ዶላር ክሬዲት ተያዘለትና ከ300 ላይ ተቀነሰ። የራሱ ገንዘብ ነው የተመለሰለት። ይህ አሠራር ፕሮሬሽን ይባላል።

ሳንቲሙስ ከየት ይመጣል? ፕሮግራሙ የሚቆጥረው በፈረንጅ ወር ነው። የእኛ ወር ከጳጉሜ በስተቀር 30 ቀን ሲሆን የፈረንጆቹ ጁላይ ግን 31 ነው። በዚያ ወር ተመሳሳይ 12 ቀን ቢቀረው ክሬዲቱ 11.61፣ የሚቆረጠው 288.39 ይሆን ነበር። እንደ ስትራይፕ ያሉ የክፍያ ሥርዓቶች ደግሞ በነባሪው እስከ ሰከንድ ድረስ ስለሚያሰሉ፣ ጠዋትና ማታ መቀየር እንኳ ሳንቲሙን ይለውጠዋል።

ችግሩ የሚመጣው በዓመቱ ነው። ባለሱቁ «የዓመት ዋጋው 288 ነው» ብሎ በጀት ከያዘ፣ ሲታደስ 300 ሲቆረጥ «ዋጋ ጨመሩብኝ» ይላል። የመታደሻ ቀኑም ብዙ ጊዜ ወደ ተቀየረበት ቀን ስለሚዞር፣ ግንቦት 24ን ሲጠብቅ ሰኔ 12 አካባቢ ይቆረጥበታል። በብር የሚመጣው የባንክ መግለጫ ደግሞ የበለጠ ያደናግራል። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወደ ገበያ ምንዛሪ ከገባ ወዲህ፣ የግንቦቱ ክፍያና የሰኔው ክሬዲት በአንድ ምንዛሪ አይሰሉም። ስለዚህ ማስታረቅ ያለበት በዶላር ደረሰኙ ነው።

ጥፋቱ የባለሱቁ ብቻ አይደለም። ሻጩ ደረሰኙ ላይ «የዓመት ክፍያ 300፣ ያልተጠቀሙበት 12 ቀን ተቀናሽ 12» ብሎ በሁለት መስመር መጻፍ፣ ከመቆረጡ በፊትም ማሳየት አለበት። አንድ ድምር ብቻ የሚያሳይ ሻጭ ደንበኛውን በጨለማ እያስከፈለ ነው።

ገዢውም «ቀይር» የሚለውን ከመጫኑ በፊት አንድ ነገር ይጠይቅ፦ የቀሩት ቀናት ይታሰባሉ ወይ? የሚታሰቡ ከሆነ በየትኛውም ቀን ቢቀይር አይከስርም። የማይታሰቡ ከሆነ የወሩን መጨረሻ ቀን ይጠብቅ። ዓመታዊው የሚያዋጣውም ከ10 ወር በላይ ለሚቆይ ብቻ ነው፤ በአምስተኛው ወር ለሚያቋርጥ አብዛኞቹ ሻጮች ቀሪውን በጥሬ ገንዘብ አይመልሱም።