ዳሌ ሳያጋድል በአንድ እግር መቆም

በመካነ ሰላምና በማሻ አካባቢ፣ በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ ለሚኖር ሰው ዳገት መውጣትና ቁልቁለት መውረድ የዕለት ተዕለት ሥራ ነው። በእያንዳንዱ እርምጃ አንዱ እግር ከመሬት ሲነሣ መላ ሰውነት በሌላው ላይ ያርፋል። ቆመን ውዱእ ስናደርግ እግራችንን ለመታጠብ ስናነሣም እንዲሁ ነው። ታዲያ በዚያች ቅጽበት በተነሣው እግር በኩል ያለው ዳሌ ለምን ወደ ታች አይወድቅም?

የሚይዘው በቆመው እግር በኩል ያለ ግሉቲየስ ሚዲየስ የተባለ ጡንቻ ነው። እጃችንን ከቀበቶ ትንሽ ዝቅ አድርገን በዳሌያችን ጎን ላይ እናሳርፍና በዚያው በኩል ባለው እግር ብቻ እንቁም፤ ከእጃችን ሥር ጠንከር ሲል እናገኘዋለን። ጡንቻው ከላይ ከዳሌ አጥንት ውጫዊ ገጽ ተነሥቶ ከታች በጭን አጥንት አናት ጎን ላይ ይያያዛል። ሲኮማተር ዳሌን ወደ ቆመው እግር ስቦ ቀጥ ያደርገዋል።

ሥራው ምን ያህል ከባድ እንደሆነ በአንድ ምሳሌ እንመልከት። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው በቀኝ እግሩ ቢቆም፣ የቆመው እግር 10 ኪሎ ያህል ስለሚሆን ቀሪው 50 ኪሎ በቀኝ ዳሌው መገጣጠሚያ ላይ ያርፋል። የዚህ ክብደት መሐል ከመገጣጠሚያው 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ግራ ይርቃል፤ ጡንቻው የሚስበው ግን 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ርቆ ነው። ርቀቱ ግማሽ ስለሆነ ኃይሉ እጥፍ መሆን አለበት፤ ማለትም 100 ኪሎ ያህል። ይኸው ሰው በግራ እጁ 10 ሊትር ውሃ የያዘ ጀሪካን ቢያንጠለጥል የጡንቻው ሸክም እጅግ ይጨምራል። ጀሪካኑን ወደ ቀኝ እጁ ቢያዛውረው ግን ክብደቱ ከቆመው እግር በኩል ስለሚሆን ይቀልለታል።

ጡንቻው ሲደክም በተነሣው እግር በኩል ያለው ዳሌ ዝቅ ይላል። ይህን ምልክት ጀርመናዊው ቀዶ ሐኪም ፍሪድሪኽ ትሬንደለንቡርግ በ1895 እ.ኤ.አ. ገልጾታል። በቤት ውስጥ ለመመርመር ከቤተሰብ አንዱ ከኋላ ሆኖ ይመልከት፤ እኛ ሁለቱን እጆቻችንን በዳሌያችን ላይ አድርገን በአንድ እግር ለ30 ሴኮንድ እንቁም። አንዱ እጅ ዝቅ ካለ፣ ወይም ዳሌው እንዳይወድቅ ስንል ትከሻችንን ወደ ቆመው እግር ካጋደልን፣ ጡንቻው ሥራውን በሚገባ አልሠራም ማለት ነው።

ለማጠናከር ስቴፕ አፕ የሚባለው፣ ደረጃ ላይ የመውጣት እንቅስቃሴ ይጠቅማል። ከፍታው 15 ሳንቲ ሜትር ያህል የሆነ፣ የማይነቃነቅ ደረጃ ወይም ድንጋይ እንምረጥ። ሙሉ መርገጫችንን ከላይ አሳርፈን በላይኛው እግር ኃይል ብቻ እንነሣ። የተለመደው ስሕተት በታችኛው እግር ጣቶች መሬቱን ገፍቶ መስፈንጠር ነው፤ ያን ጊዜ ሥራው ከሚፈለገው ጡንቻ ይሸሻል። ስንወርድ እስከ 3 እየቆጠርን በዝግታ እንውረድ፤ ጉልበታችንም ወደ ውስጥ ሳይታጠፍ በእግር ጣቶቻችን አቅጣጫ ይሁን። በእያንዳንዱ እግር ከ8 እስከ 10 ጊዜ፣ ሁለት ዙር፣ በየሁለት ቀኑ ይበቃል። ከፍታውን የምንጨምረው ዳሌያችን እስከ መጨረሻው ሳያጋድል ስንጨርስ ነው።

ላንጅ የሚባለው ደግሞ አንድ እግር ወደ ፊት አራምዶ ሁለቱንም ጉልበቶች ማጠፍ ነው። በዚህ ጊዜ የኋላው እግርም ስለሚያግዝ የጎን ጡንቻው ሸክም ብዙውን ጊዜ ከስቴፕ አፕ ያንሳል። ከባዱ ቅጽበት እግሩን አንሥተን ስናራምድና ገፍተን ወደ ቦታው ስንመልሰው ነው፤ ያን ጊዜ በአንድ እግር እንቆማለንና። ስለዚህ ሳንቸኩል እናድርገው። ጀማሪ እግሮቹን በዳሌው ስፋት ልክ ያራርቅ፤ በአንድ መስመር ላይ ማሰለፍ ሚዛኑን ያከብደዋል።

ሆኖም ዳሌ የሚያጋድለው ሁልጊዜ በጡንቻ ድካም አይደለም። ከልጅነት ጀምሮ ያለ ማንከስ ከመገጣጠሚያው መውለቅ ወይም ከፖሊዮ የመጣ ሊሆን ይችላል። ከጉዳት በኋላ በድንገት የጀመረ ከሆነ፣ ብሽሽት ላይ ሕመም ወይም እግር ላይ መደንዘዝ ካለ፣ ወይም ሕፃን ማንከስ ከጀመረ፣ እንቅስቃሴውን ትቶ ወደ ሐኪም መሄድ ይገባል። በዳሌ ጎን ላይ ተኝተን የሚያመን ከሆነ ደግሞ የጡንቻው ጅማት ተቆጥቶ ይሆናልና ከፍታውንና ቁጥሩን እንቀንስ። ሕመሙ ካልተወን ያው ሐኪም ይየው።