ማኅበርን የሚያጸኑ ሦስት ጽሑፎች

ማኅበር በስምምነት ይጀመራል፤ በጽሑፍ ግን ይጸናል። የጽዋ ማኅበር አባላት እርስ በርሳቸው ስለሚተዋወቁ ያለ መዝገብ ብዙ ዘመን ሊኖሩ ይችላሉ። ገንዘብ የሚሰበስብና ሠራተኛ የሚቀጥር ማኅበር ግን በራሱ ስም ውል ለመዋዋል አስቀድሞ መመዝገብ ያስፈልገዋል።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113፥ ማኅበር የሚባለው በ5 ወይም ከዚያ በሚበልጡ አባላት የሚቋቋምና ጠቅላላ ጉባኤው የበላይ ሆኖ የሚመራው መሆኑን ይገልጻል። ለመመዝገብ ከሚቀርቡት ጽሑፎች ዋነኞቹ የመሥራቾቹ ዝርዝር ከነመታወቂያቸው፥ የመተዳደሪያው ደንብና የምሥረታው ቃለ ጉባኤ ናቸው። እነዚህም እንደ ሦስት ምስክሮች ናቸው። ዝርዝሩ እነማን እንደ ሆኑ፥ ደንቡ በምን እንደ ተስማሙ፥ ቃለ ጉባኤው ደግሞ በእውነት ተሰብስበው እንደ ተስማሙ ይመሰክራሉ። የሦስቱ ቃል ካልተባበረ ምስክርነቱ ይፈርሳል።

ለምሳሌ ያህል፥ 5 ሰዎች ድኾች ተማሪዎችን የሚረዳ ማኅበር ለማቋቋም አሰቡ እንበል። ቃለ ጉባኤው ጥር 14 ቀን ተጽፏል፤ በደንቡ ላይ ግን «ጥር 20 ቀን ጸደቀ» ይላል። ከአምስቱም አንዱ በስብሰባው ዕለት ወደ አገር ቤት ሄዶ ስለ ነበረ ወዳጁ ፈርሞለታል። መዝጋቢው ፊርማውን ከመታወቂያው ጋራ ቢያስተያይ ነገሩ ይገለጣል። በእውነት የተገኙት 4 ሰዎች ስለ ሆኑ ሕጉ የሚጠይቀው ቍጥር አልሞላም። የዚህ መድኃኒቱ ቀኑን ፍቆ ማስተካከል አይደለም። አምስቱም እንደ ገና ተሰብስበው ደንቡን በየአንቀጹ አንብበው ድምፅ ይስጡ፤ የስብሰባው ቦታና ቀን፥ የሰብሳቢውና የጸሓፊው ስም፥ የተሰጠው ድምፅ ቍጥርና የተመረጡት ሰዎች በአዲስ ቃለ ጉባኤ ይጻፉ፤ እያንዳንዱም በገዛ እጁ ይፈርም።

ሁለተኛው ስሕተት የሌላውን ማኅበር ደንብ ገልብጦ ስሙን ብቻ መለወጥ ነው። እንዲህ ያለው ደንብ በሰላም ቀን ያገለገለ ይመስላል፤ መሥራቾቹ በተጣሉ ጊዜ ግን በባንክ ያለውን ገንዘብ ማን ፈርሞ እንደሚያወጣ፥ ጉባኤው በስንት ሰው እንደሚሟላ፥ አባል በምን ምክንያት እንደሚሰናበት ቢፈለግ አይገኝበትም፤ ወይም ከማኅበሩ አሠራር ጋራ የማይስማማ ሆኖ ይገኛል። በዚያን ጊዜ ጉዳቱ የሚደርሰው በተጣሉት ላይ ብቻ ሳይሆን ርዳታውን በሚጠባበቁት ልጆች ላይ ነው።

በመዝገብ ቤት ያሉ ሹማምንትም ጕድለቱን በየጊዜው አንድ አንድ እያሉ አመልካቹን ከሚያመላልሱት፥ ሁሉን በአንድ ጊዜ በጽሑፍ ቢያስታውቁት የተሻለ ነው። መሥራቾችም ወደ መዝገብ ቤት ከመሄዳቸው በፊት ሦስቱን ጽሑፎች ጐን ለጐን አኑረው፥ ስሙን ከስም፥ ቀኑን ከቀን፥ ፊርማውን ከፊርማ ጋራ ያመሳክሩ።