«ከልክዬው ነበር» ስለሚለው መከላከያ

ሠራተኛው ባጠፋው አሠሪው ለምን ይከፍላል የሚለው ጥያቄ በነጋዴዎችና በተቋራጮች መካከል በተነሣ ቁጥር ከሁሉ አስቀድሞ የሚሰማው መልስ «እኔ ከልክዬው ነበር» የሚል ነው። ይህን የሚሉት ሰዎች ሁሉ ክፉዎች አይደሉም፤ ነቢዩ ሕዝቅኤል ልጅ በአባቱ፣ አባትም በልጁ ኀጢአት እንደማይጠየቅ ያስተማረውን ይዘው፣ ማንም በገዛ እጁ ላልፈጸመው በደል ዕዳ መሸከሙ ከፍትሕ ርትዕ የራቀ ነው ብለው ከልባቸው የሚያምኑ ብዙዎች ናቸው። ዳሩ ግን የነቢዩ ነገር ስለ ቅጣት እንጂ ስለ ካሣ አይደለም። ሠራተኛው ሰው ቢያቆስል አሠሪው በእርሱ ፈንታ ወኅኒ ይውረድ ያለ የለም፤ የሚጠየቀው የቆሰለው ሰው ለሕክምና ያወጣውንና ከሥራው ቀርቶ ያጣውን እንዲተካ ብቻ ነው። ኪሣራው ከሦስቱ፣ ከተጎጂው፣ ከሠራተኛውና ከአሠሪው፣ በአንዱ ትከሻ ላይ መውደቁ ካልቀረ በማን ላይ ይውደቅ ነው ጥያቄው።

ይህ መከላከያ ዕድሜው ረጅም ነው፤ የተሸነፈበትም ዘመን የታወቀ ነው። በለንደን ከተማ ኦምኒቡስ የሚባሉት በፈረስ የሚጎተቱ የሕዝብ ማመላለሻ ሠረገላዎች ተሳፋሪ ለመሻማት ይሽቀዳደሙ በነበረበት ጊዜ፣ የለንደን ጄኔራል ኦምኒቡስ ኩባንያ ነጂዎቹ ከሌላ ሠረገላ ጋር እንዳይሽቀዳደሙና መንገድ እንዳይዘጉ የሚያዝዝ የታተመ ካርድ አድሏቸው ነበር። ከነጂዎቹ አንዱ ግን ከኋላው የመጣ ባላንጣ እንዳያልፈው ሠረገላውን ሆን ብሎ አጣምሞ መንገድ ዘጋበት፤ በዚህም የባላንጣው ሠረገላ ተጎዳ። ኩባንያው ካርዱን ይዞ ችሎት ቀረበ። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1862 ዳኞቹ በአብላጫ ድምፅ እንደ ፈረዱት፣ ነጂው ትእዛዝ ቢጥስም በዚያች ሰዓት ያደርግ የነበረው የተቀጠረበትን ሥራ፣ ማለትም ሠረገላ መንዳትና ለጌታው ተሳፋሪ ማግኘት ስለ ነበረ፣ ካርዱ ኩባንያውን ከዕዳ አያወጣውም። ከዳኞቹ አንዱ፣ ዊልስ የተባለው፣ ጌታ ለአገልጋዩ በስውር በሚሰጠው ትእዛዝ ራሱን ነጻ ማውጣት የሚችል ቢሆን ኖሮ ሕጉ ከንቱ ይሆን ነበር ሲል የተከራከረው፣ በእኔ አስተያየት፣ የነገሩን ሥር የነካ ነው፤ ክልከላው ዕዳ የሚያስቀር ከሆነ ካርድ ለማሳተም የማይቸኩል ኩባንያ ማን ይኖራል?

እንዲህ ሲሆን አሠሪው በሁሉ ነገር ይጠየቃል ማለት አይደለም። በ1900 በዚያው ኩባንያ ላይ በቀረበ ሌላ ክስ፣ ነጂው በሌለበት ሠረገላውን ያዞረው ቲኬት ቆራጩ ስለ ነበረና ቲኬት ቆራጭ የተቀጠረው ለመንዳት ስላልሆነ፣ ለመንዳት ሥልጣን እንደ ነበረው ከሳሹ ማስረዳት ባለመቻሉ ኩባንያው ነጻ ወጣ። የመጀመሪያው ሰው የራሱን ሥራ በመጥፎ መንገድ ሠራ፤ ሁለተኛው ግን የእርሱ ያልሆነውን ሥራ ሠራ። ሕጉ የሚያሰምረው ወሰን ይኸው ነው፤ ክልከላ ነበረ ወይስ አልነበረም የሚለው ከወሰኑ ማዶ የቀረ ጥያቄ ነው።

የኢትዮጵያም የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ፈረንሳዊው ሊቅ ሬኔ ዳቪድ አርቅቆት በ1952 ዓ.ም. የታወጀው፣ ከዚሁ ወሰን የራቀ አይደለም። አሠሪ ሠራተኛው ሥራውን ሲያከናውን ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ መሆኑን በቁጥር 2130 ከደነገገ በኋላ፣ በ2131 ሠራተኛው ከሥልጣኑ ቢያልፍም ወይም ድርጊቱ በግልጽ የተከለከለ ቢሆንም ኃላፊነቱ እንደማይቀር ይናገራል፤ ነጻ የሚያወጣው ተጎጂው ራሱ ይህን ያወቀ ወይም ማወቅ የነበረበት እንደሆነ ነው። እንግዲህ «ከልክዬው ነበር» የሚለው ባለሀብት ክልከላውን ማሳወቅ የነበረበት ለሠራተኛው ብቻ ሳይሆን ለመንገደኛውም መሆኑን ይዘነጋል፤ መንገደኛው ደግሞ በአንድ ሕንፃ ውስጥ ምን እንደ ተከለከለ ከየት ያውቃል?

አንድ ምሳሌ አስቀምጬ ልሂድበት። በአዲስ አበባ ከሚሠሩት ሕንፃዎች በአንዱ፣ ከአራተኛው ፎቅ ፍርስራሽ መወርወር ክልክል ነው የሚል ጽሑፍ በቆርቆሮው አጥር ውስጥ ተለጥፏል፤ ፍርስራሹ በጆንያ እየተሞላ በደረጃ መውረድ አለበት። ቀኑ እየመሸ ነው፤ ፎርማኑ ፎቁ ዛሬ ተጠርጎ ካልተጠናቀቀ የነገው ሥራ ይቆማል እያለ ይጮኻል። የቀን ሠራተኛው ዙሪያውን ተመልክቶ ጡብና የደረቀ ሲሚንቶ ከባሕር ዛፉ መወጣጫ ጎን ወደ ታች ይለቃል፤ ከአጥሩ ውጭ ሙዝና ብርቱካን የምትሸጥ ሴትም ትከሻዋ ይሰበራል። ያ ሠራተኛ በዕለት ደመወዙ የአንድን ሰው አጥንት ሊያስጠግን እንደማይችል ማንም ያውቃል፤ ስለዚህ ከእርሱ ተቀበይ ማለት ከማንም አትቀበዪ ማለት ነው። ነገር ግን አሠሪው የሚከፍለው ሀብታም ስለሆነ ብቻ ነው የሚሉ ይሳሳታሉ። ፍርስራሹ በጆንያ ቢወርድ ኖሮ የሚባክነው ሰዓት የአሠሪው ሰዓት ነበር፤ በተወረወረ ጊዜ ግን የተረፈው ሰዓት ወደ አሠሪው ጥቅም ገባ። ክልከላው በወረቀት ሲኖር ችኮላው በፎርማኑ አፍ ይኖር ነበርና፣ ከሁለቱ ትእዛዞች የትኛው እውነተኛ እንደ ነበረ ሥራው ራሱ ይመሰክራል። አሠሪው ይህን አደጋ አስቀድሞ ሊያስበው፣ በጨረታ ዋጋው ውስጥ ሊያስገባው፣ መድን ሊገዛለት ይችላል፤ ሙዝ ሻጭዋ ከእነዚህ አንዱንም ማድረግ አትችልም።

እዚህ ላይ ተቋራጩ ሌላ በር ያንኳኳል፤ ሠራተኛው የእኔ አይደለም፣ የንኡስ ተቋራጩ ነው ይላል። ሕጉ በእርግጥ ከሌላው ሥልጣን በታች ላልሆነ፣ በራሱ ነጻነት ለሚሠራ ሰው ጥፋት ሥራውን የሰጠው ሰው እንደማይጠየቅ በ2134 ይቀበላል። ነገር ግን ነጻነት በውል ርእስ የሚገኝ አይደለም። ሠራተኛውን በየጠዋቱ ስሙን ጠርቶ የሚያስገባው፣ የሚሠራበትን ፎቅ የሚመድብለት፣ የሚቸኩልበትን ሰዓት የሚወስንለት የዋናው ተቋራጭ ፎርማን ከሆነ፣ የንኡስ ተቋራጩ ማኅተም በደመወዝ ወረቀቱ ላይ መገኘቱ ብቻውን ምንም አያስረዳም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነኝ ግን አሠሪው ከከፈለ በኋላ ዞሮ ሠራተኛውን የሚያራቁትበት ልማድ ነው። በእንግሊዝ አገር አንድ ወጣት ሾፌር የኩባንያውን የጭነት መኪና ወደ ኋላ ሲነዳ ረዳቱ የነበረውን የገዛ አባቱን ጎዳ፤ የኩባንያው መድን ሰጪ ለአባትየው ካሣ ከከፈለ በኋላ በኩባንያው ስም ልጁን ከሰሰ፤ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1957 የጌቶች ምክር ቤት በሦስት ድምፅ ለሁለት ልጁ እንዲተካ ፈረደ። ሕጉ እንዲህ ቢፈቅድም ውጤቱ እጅግ ስለ ከበደ፣ መድን ሰጪዎቹ ራሳቸው ተመካክረው፣ ሠራተኛው ሆን ብሎ ካላጠፋ ወይም ካላሴረ በቀር፣ እንዲህ ያለውን ክስ ላለማቅረብ ተስማሙ። የእኛዎቹ አሠሪዎች ግን ሲቀጥሩ ዋስ ያስጠራሉ፣ በሦስተኛ ወገን ላይ ለሚደርስ ጉዳት ሁሉ ተጠያቂው ሠራተኛው ነው የሚል አንቀጽ ያስፈርማሉ፤ ጉዳቱ ሲደርስም ወረቀቱን ለተጎጂው ያሳያሉ። ያ ፊርማ በአሠሪውና በሠራተኛው መካከል ያለ ነገር ነው፤ ሙዝ ሻጭዋ አልፈረመችበትም። እርስዋ ለችሎቱ ማቅረብ የሚኖርባት ጡቡ የወደቀው ሠራተኛው በሚሠራበት ስፍራና በሥራው ሰዓት መሆኑን ነው፤ ይህ ከተረጋገጠ በቁጥር 2132 ጉዳቱ በሥራው ላይ እንደ ደረሰ ይገመታል፤ ግምቱን የማፍረስ ሸክም የአሠሪው ይሆናል፤ ስለዚህ ከአጥሩ ውስጥ ከተለጠፈው ጽሑፍ ይልቅ የዚያን ዕለት የሠራተኞች ስም መቆጣጠሪያ ይቅረብልኝ ብትል መልካም ታደርጋለች።