ማሽን የሳለው ፊት ምስክር አይሆንም

የደበዘዘ ፎቶ «አጥርተው» «ሰውየው ይኸው!» የሚሉትን አንድ ነገር እንጠይቃቸው፦ ያ ፊት ከየት መጣ?

ከሚሴ አስፋልት ዳር፣ ከሩቅ በስልክ የተቀረጸ ቪዲዮ አለ እንበል። የአንዱ ሰው ፊት ቁመቱ 16፣ ወርዱ 16 ነጥብ ብቻ ነው፤ በድምሩ 256። ፕሮግራሙ ይህን ወደ 1024 በ1024 ሲያሳድገው በእያንዳንዷ ነጥብ ፈንታ 4096 ነጥቦች ይሞላል። ካሜራው ያላየውን ከየት ያመጣዋል? ከሠለጠነባቸው የሌሎች ሰዎች ፎቶዎች ነዋ! ሽፋሽፍቱም፣ የቆዳው ገጽታም፣ የግንባሩ መስመርም ግምት ነው። የሰውየው ጠባሳ ሊጠፋ፣ የሌለው ሽብሽብ ሊበቅል ይችላል።

በ2020 እ.ኤ.አ. የዱክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ለሠሩት ፐልስ ለተባለ ፕሮግራም የደበዘዘ የባራክ ኦባማ ፎቶ ተሰጠው። ያወጣው የነጭ ሰው ፊት ነበር። ፐልስ የሚፈልገው ተመልሶ ሲያንስ ከደብዛዛው ጋር የሚገጥም ፊት ነው፤ እንዲህ ያለ ፊት ደግሞ አንድ ብቻ አይደለም። ስለዚህ «ስናሳንሰው ገጠመ» የሚለው ክርክር ማንነትን አያረጋግጥም።

የሚጠራጠር ካለ ያንኑ ፎቶ በሁለት የተለያዩ ፕሮግራሞች ያሳድገው። ፊቶቹ የተለያዩበት ቦታ ሁሉ ቢያንስ አንዱ የፈጠረው ነው። ቢመሳሰሉም ማረጋገጫ አይሆንም፤ በአንድ ዓይነት ፎቶ የሠለጠኑ አንድ ዓይነት ስህተት ሊሠሩ ይችላሉ።

ለሰርግ ፎቶ ይሁን። ሰው ለማሳደድ ግን አይሆንም! ዋናውን ደብዛዛ ፎቶ ሳያሳዩ «ይኸው» የሚሉንን ፊት አንቀበልም።