ህልም ከመፍታት በፊት

ክፉ ህልም ያየ ሰው ፍቺ ከመፈለጉ በፊት ማታ ምን እንደወሰደ ያስታውስ። አረቄ ጠጥቶ በ4 ሰዓት የተኛ ሰው እንውሰድ። አልኮሉ በመጀመሪያው ሌሊት ህልም የሚበዛበትን እንቅልፍ ያፍነዋል። ከሰውነቱ ሲወጣ፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ፣ የታፈነው ህልም ይጎርፋል፤ እየባነነ ስለሚነሳም አይረሳውም። ለቀናት እንቅልፍ ያጣ ሰውም ሲተኛ እንዲሁ ይሆናል። አምሽቶ የበላውን ደግሞ ሆዱ ይቀሰቅሰዋል። ለኤች አይ ቪ የሚሰጠው ዶሉቴግራቪርም ህልም ሊያበዛ ይችላል፤ ጠዋት መዋጥ ይቻል እንደሆነ ሐኪም ጠይቁ እንጂ አታቋርጡት። ብዙ ይጠጣ የነበረ ሰው በድንገት አቁሞ ቢንቀጠቀጥ፣ ቢያልበው፣ ነቅቶ ሳለ የሌለ ነገር ቢያይ ግን ይሄ ህልም አይደለም፤ ቶሎ ክሊኒክ ውሰዱት።