«ልጄ» የምትለዋ ቃል

ሮቤ ውስጥ በምሠራበት ባንክ መስኮት ፊት፣ አንድ ቀን ከዲንሾ በኩል የመጡ ሽማግሌ ቆሙ። ከልጃቸው የተላከላቸው ገንዘብ አልደረሳቸውም። ከሌላ አገር በቅርቡ ተዛውሮ የመጣው ኃላፊያችን ኦሮምኛ ስለማይችል እኔ በመሐል ሆኜ አስተረጎምኩ። ሽማግሌው ረጋ ብለው «ኢልመ ኮ» ብለው ጀመሩ፤ «ልጄ» ማለታቸው ነው። ቀጥለው ደግሞ «አቲ» እያሉ ገንዘባቸው ለምን እንደዘገየ ጠየቁ። እኔም በችኮላ «አንተ ገንዘቤን ለምን አዘገየህ? ይላሉ» ብዬ አቀበልኩ። የኃላፊው ፊት ወዲያው ጠቆረ። መልሱም አጭርና ደረቅ ሆነ። ሽማግሌው በየዋህነት የጀመሩት ወግ በእኔ አንደበት አልፎ ስድብ ሆኖ ደረሰ።

ያን ማታ ጎባ ወዳለው ቤቴ ስመለስ ስህተቴን መላልሼ አሰብኩት። ቃል አልለወጥኩም፤ «አቲ» «አንተ» ነው፣ መዝገበ ቃላትም ይህንኑ ይላል። ነገር ግን ከአረፍተ ነገሩ አንዲት ቃል ጥያቄው ውስጥ ቁም ነገር የላትም ብዬ ጥያታለሁ። «ልጄ» የምትለዋን።

በዚህ ጽሑፍ ላነሳ የምፈልገው ይህንኑ ነው። ንግግር ስንተረጉም የምናሳድደው ተውላጠ ስሙን ነው። ክብሩ፣ ፍቅሩና ቅያሜው ግን ብዙ ጊዜ ተውላጠ ስሙ ላይ አይቀመጥም።

እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች እዚህ ላይ በቀላሉ የምንታለለው ቋንቋችን አክብሮትን በአንድ ሳጥን ስላስቀመጠልን ነው። «አንተ»፣ «አንቺ»፣ «እርስዎ»፣ በአባቶቻችን አፍ ደግሞ «አንቱ»። «አንቱ» ከግዕዙ «አንትሙ» የወረደ ነው፤ ብዙዎችን የምንጠራበት ቃል አንድ ሰውን ማክበሪያ ሆነ ማለት ነው። «እርስዎ» በሥሩ «ርእስ» አለ፣ ራስ። ግሱም ይከተላል፦ «እርስዎ መጡ» ስንል አንዱን ሰው እንደ ብዙ ሰው እናስመጣዋለን። ይህ መሰላል ስላለን፣ «አንተ» ብሎ የሚናገር ሽማግሌ ስንሰማ መሰላሉን የጣሰ ይመስለናል። በመስኮቴ ፊት ከሚቆሙት የባሌ ገጠር ሽማግሌዎች ብዙዎቹ ግን ለልጅም ለሹምም «አቲ» ይላሉ። «ኢሲን» የሚለው የብዙ ቃል አክብሮት መሆኑን ሳያውቁ ቀርተው አይደለም። አክብሮታቸው ሌላ ቤት ስላለው ነው፤ በዝምድና መጠሪያ፣ በረጅሙ ሰላምታ፣ ስም ባለመጥራት። በአርሲ ኦሮሞ ዘንድ «ለጉ» የሚባለውን ልማድ የሚያውቅ ይረዳኛል፤ ያገባች ሴት የአማቷን ስም ከአፏ አታወጣም፣ ስሙን የሚመስል ቃል እንኳ በሌላ ቃል ትተካለች።

ይህን የዝምድና መጠሪያ ነገር እስከ መጨረሻው የወሰደው ቋንቋ ግን ከእኛ ሩቅ ያለው የቬትናም ቋንቋ ነው። ወደ እሱ የመራኝ በእንግሊዝኛ ያነበብኩት አንድ የቬትናም አጭር ልብ ወለድ ነበር። ባልና ሚስት ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ፤ ግን ጠቡ የት እንደጀመረ፣ እርቁስ በየትኛው ቃል እንደመጣ ሊገባኝ አልቻለም። ሁሉም «እኔ»ና «አንተ» ነው። ቆይቶ እንደተረዳሁት፣ እንግሊዝኛው ያንን ሁሉ ያወጣና የወረደ ነገር በሁለት ቃል ጨፍልቆታል።

በቬትናም ቋንቋ በተለመደው ንግግር «እኔ» እና «አንተ» የሚባሉት በአብዛኛው የዝምድና ስሞች ናቸው። ላን የምትባል የሠላሳ ዓመት ሴት እናስብ። ለአባቷ ስትናገር ራሷን «ኮን» ትላለች፣ ልጅ። ለታናሽ እህቷ «ቺ» ትሆናለች፣ ታላቅ እህት። ለባሏ «ኤም» ናት፣ ታናሽ። ለገዛ ልጇ «ሜ»፣ እናት። ለሽማግሌው ጎረቤት «ቻው»፣ የልጅ ልጅ። በቢሮ ስብሰባ ደግሞ «ቶይ» ትላለች። በአንድ ቀን ስድስት «እኔ» ማለት ነው። አስገራሚው ነገር እነዚህ የዝምድና ቃላት በሁለቱም በኩል መሥራታቸው ነው፤ ባሏ «ኤም» ሲል «አንቺ» ማለቱ ነው፣ እሷ «ኤም» ስትል «እኔ» ማለቷ ነው። «አኝ»፣ ታላቅ ወንድም፣ በእሱ አፍ «እኔ» ነው፣ በእሷ አፍ «አንተ»።

ለምን እንዲህ ሆነ ቢባል፣ ሰው በዚያ ቋንቋ አፉን ሲከፍት አስቀድሞ ቦታውን መናገር ስላለበት ነው። ለዚህ ነው አዲስ የተዋወቁ ሰዎች ቶሎ ዕድሜ የሚጠያየቁት፤ ዕድሜ ሳይታወቅ አረፍተ ነገር አይጀመርም። ዕድሜም ብቻ አይደለም። የአባትህ ታላቅ ወንድም ልጅ ካንተ በዓመታት ቢያንስም «ታላቅ» ተብሎ ይጠራል፣ የታላቁ ቅርንጫፍ ነውና። «ቶይ» ራሱ ጥንት አገልጋይ ማለት ነበር፤ በእኛም የድሮ ደብዳቤ «አሽከርዎ» ብሎ ራሱን የሚጠራ ጸሐፊ እንደነበረ ሁሉ። ዛሬ «ቶይ» ገለልተኛ «እኔ» ሆኗል። ገለልተኛነቱም አደጋው ነው፤ ምክንያቱም ቤተሰብ ውስጥ ገለልተኛ መሆን መራቅ ነው።

ላን ባሏን ሚንን እየጠበቀች ነው እንበል። ትዕይንቱን የፈጠርኩት እኔው ነኝ፣ ሦስት ንግግር ብቻ አለው። መጀመሪያ ስትቀበለው «ታላቅ ወንድም በላ? ታናሽ ለታላቅ ወንድም ራት አስቀምጣለች» ትላለች፤ ቃል በቃሉ ይህ ነው። ከዚያ አምሽቶ የመጣበት ምክንያት ይነሳል። ላን ትቀዘቅዛለች፦ «ታላቅ ወንድም የት እንደዋለ ቶይ አልጠየቅኩም።» እሱ «አኝ» እንደሆነ ቀርቷል፣ እሷ ግን «ኤም» መሆኗን አቁማለች። ጠቡ ያለው እዚህች አንዲት ቃል ላይ ነው። በመጨረሻ ዘግይታ «ታናሽ ደክሟታል፣ እንተኛ» ትላለች። ታናሽ ሆና ተመለሰች፤ ይቅርታ የሚል ቃል ሳይወጣ ታረቁ።

ይህን ወደ አማርኛ እንዴት እናምጣው? ቃል በቃል «ታላቅ ወንድሜ» ብንል ባልና ሚስቱን ወንድምና እህት አደረግናቸው፤ አንባቢው ይሰቀጥጠዋል። «አኝ»ን አክብሮት ነው ብለን «እርስዎ» ብንል ደግሞ ላን የዛሬ ወጣት ሚስት መሆኗ ቀርቶ የጥንት ባላባት ወይዘሮ ትሆናለች። ከገጹ ግርጌ ማስታወሻ ብንጽፍ አንባቢው ይረዳል፣ ግን አይሰማውም። ሦስቱንም በ«አንተ» ብንጨርስ እኔ ያነበብኩትን እንግሊዝኛ ደገምነው ማለት ነው።

እኔ የምለው፣ መተርጎም ያለበት «ኤም» አይደለም፤ ከ«ኤም» ወደ «ቶይ» የተሄደው መንገድ ነው። አማርኛ ለዚያ መንገድ የራሱ መሣሪያ አለው። ሚስት ባሏን በፍቅር «አንተዬ» ትላለች። ስትቀዘቅዝ «ሰውዬ» ትላለች። ስለዚህ የመጀመሪያው «አንተዬ፣ በላህ እንዴ? ራትህን አስቀምጬልሃለሁ» ይሁን። ሁለተኛው «ሰውዬ፣ የት እንደዋልክ አልጠየቅኩህም»። ሦስተኛው «አንተዬ፣ ደክሞኛል፣ እንተኛ»። ለውጡ በቬትናሙ «እኔ» ላይ ነበር፣ በእኛ «አንተ» ላይ ዐረፈ። ቦታው ተቀይሯል፣ ርቀቱ ግን አልተነካም። በ«ሰውዬ» የደነገጠ አንባቢ በሁለተኛው «አንተዬ» ያርፋል።

ይህ እንዲሠራ አንድ ግዴታ አለ። ተርጓሚው ንግግር መተርጎም ከመጀመሩ በፊት እያንዳንዱ ጥንድ ገጸ ባሕርይ በሰላም ቀን እንዴት እንደሚጠራራ መወሰን አለበት፣ ያንንም እስከ ለውጡ ድረስ ሳይንቀሳቀስ መጠበቅ አለበት። ላን በአንዱ ገጽ «አንተዬ»፣ በሌላው «ውዴ»፣ በሦስተኛው «አንተ» እያለች ስትዘባርቅ ከቆየች «ሰውዬ» ሲመጣ የሚሰማው የለም። ብዙ የትርጉም ንግግሮች የሚበላሹበት ቦታ ይህ ይመስለኛል። ማወቂያውም ቀላል ነው፦ የተናጋሪዎቹን ስም ሸፍኖ ንግግሩን ብቻ ማንበብ። ማን ለማን እንደሚናገር፣ የት ላይ እንደተኳረፉ ካልታወቀ ትርጉሙ ገና ነው።

ሁሉም ነገር መፍትሔ አለው ግን አልልም። ግጥም የምሞክር ሰው ስለሆንኩ አንዱ ጉድለት ያሳስበኛል። «ኤም» ወንድንም ሴትንም ይሆናል፤ የኦሮምኛው «አቲ»ም እንዲሁ። በእነዚህ ቋንቋዎች ገጣሚ የወደደው ሰው ወንድ ይሁን ሴት ሳይናገር ግጥሙን መጨረስ ይችላል። አማርኛ «አንተ» ወይስ «አንቺ» ብሎ በመጀመሪያው ስንኝ ምስጢሩን ያወጣዋል። ጾታ የማይገልጹት የአንድ ሰው መጥሪያዎቻችን «እርስዎ»ና «አንቱ» ናቸው፣ እነሱ ደግሞ ፍቅርን ቢሮ ያስገቡታል። አንዳንዴ ከፍቅረኛው ይልቅ ዓይኑን፣ ድምፁን፣ ደጁን በማናገር ማምለጥ ይቻላል። አንዳንዴ ግን መምረጥና መክሰር ብቻ ነው የሚቀረው።

ወደ ሽማግሌዬ ልመለስ። ያን ቀን የነበረብኝ ግዴታ «አቲ»ን ወደ «እርስዎ» ማሳደግ ነበር ወይ ብዬ ራሴን ጠይቄያለሁ። አይመስለኝም። ሽማግሌው ለልጃቸው እኩያ «እርስዎ» ቢሉ የእሳቸው ሳይሆን የእኔ የባንክ ቤት ትሕትና በሆነ ነበር። እሳቸው ያሉት ሌላ ነው። ኃላፊውን ወደ ቤታቸው አስገብተው በልጅ ቦታ አስቀመጡት፣ ከዚያም አባት ልጁን በሚጠይቅበት መብት ጠየቁት። ቬትናማዊ ቢሆኑ «ኮን» ይሉት ነበር፣ ቋንቋውም እንዳይጣል አድርጎ ይጠብቀው ነበር። እኔ ግን የቤቱን በር ትቼ ጥያቄውን ብቻ ይዤ ገባሁ።

ገንዘቡ በማግስቱ ደረሰ። ሽማግሌው ለመውሰድ ሲመጡ ኃላፊው በአጠገባችን ሲያልፍ አይተው በኦሮምኛ አንድ ነገር አሉት። ዞር ብሎ «ምን አሉ?» አለኝ። በዚህ ጊዜ አልቸኮልኩም።

«ልጄ፣ ደህና አደርክ? ይላሉ» አልኩት።